የደረት ራጅ በ60 ሴኮንድ፦ የአንድ አጭር ቪዲዮ የሥራ ማስታወሻ

ሥራው

የማኅበራችን ወጣቶች ለዓመቱ ዝግጅት ከየቤተሰቡ አንድ የስደት ታሪክ በቪዲዮ ይፈልጋሉ። ርዝመቱ 60 ሴኮንድ ነው። ካለፈ ጨዋታ የለም፣ ይቆረጣል። እኔ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የመጣሁት በዲቪ ነው፣ በፈረንጆች 2004። እናቴ የመጣችው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ያለኝ ዕቃ ስልክ፣ ካፕከት የሚባለው የኤዲቲንግ አፕ በነፃው በኩል፣ የተዋስኩት የስልክ ማቆሚያና 20 ዶላር የገዛሁት የአንገት ማይክ ነው።

ጥሬው ቅጂ

መጀመሪያ ምንም አልጻፍኩም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ለስልኬ አወራሁ። ከ20 ደቂቃ በላይ ሆነ። ከዚያ እያዳመጥኩ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ይጠቅማል። አፍ የሚለውና እጅ የሚጽፈው ይለያያል። «ጠረጴዛው አልዘረጋ አለኝ» የሚለውን አረፍተ ነገር በጽሑፍ ብጀምር ኖሮ «ጠረጴዛውን መዘርጋት አልቻልኩም» እለው ነበር።

ከቅጂው ግማሽ የሚሆነው ስለ ዲቪ ነው። ለነገሩ ያ ዘመን ራሱ ታሪክ አለው። የእኔ ዙር በፖስታ የተሞላ የመጨረሻው ዙር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በኢንተርኔት ሆነ። በተራ ወረቀት ላይ ስምህን፣ የልደት ቀንህን፣ አድራሻህን ትጽፋለህ፣ ትፈርማለህ። ፎቶውን በፕላስተር ትለጥፋለህ፤ በስቴፕለር ከመታኸው አለቀልህ። ፖስታው ላይ በግራ ጥግ የትውልድ አገርህን ትጽፋለህ። የሚላከው ኬንታኪ ነው። ካልደረሰህ ማንም አይነግርህም። ከደረሰህ ደብዳቤ ይመጣል። በደረሰኝ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ኬንታኪ የት እንደሆነች ያውቅ ነበር፣ ዋሽንግተን የት እንደሆነች የማያውቀው ሳይቀር።

ቀሪው ስለ ምርመራው፣ ስለ ኤምባሲው፣ ስለ በረራው፣ ስለ መኪና ማቆሚያው የመጀመሪያ ሥራዬ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ እናቴ መምጣት ነው።

ዲቪው ይውጣ

ያመመኝ ይሄ ነው። ግን ለ60 ሴኮንድ አይሆንም። ምክንያቱን ለማየት እያንዳንዱን ነገር በትንሽ ወረቀት ጽፌ ወለሉ ላይ ደረደርኩ። በሁለት ወረቀቶች መሀል «ከዚያ» ብቻ የሚገባ ከሆነ ይለያያሉ፣ «ስለዚህ» ወይም «ግን» ከገባ ይያያዛሉ። ዲቪ ሞላሁ፣ ከዚያ ደረሰኝ፣ ከዚያ ተመረመርኩ፣ ከዚያ ኢንተርቪው ገባሁ፣ ከዚያ ቪዛ መቱልኝ። ሁሉም «ከዚያ» ነው። እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ዕጣው ነው የወጣው። ዕድል ታሪክ ሊያስጀምር ይችላል፣ የታሪኩ መታጠፊያ ሲሆን ግን ሰሚው «እድለኛ ነህ» ብሎ ያልፋል።

ስመጣ የሆነው ግን ሌላ ነው። ራጅህን በእጅህ ያዝ ተባልኩ። ስለዚህ ጭኔ ላይ አስተኛሁት። ስለዚህ የምግቡ ጠረጴዛ አልዘረጋ አለ። ስለዚህ ጦሜን መጣሁ። ግን ስደርስ ማንም አልጠየቀኝም። ወረቀቶቹ ከወለሉ ላይ ራሳቸው ተጠጋጉ ማለት ይቻላል።

ለማያውቅ ሰው፦ የስደተኛ ቪዛ የሚሰጠው ሰው የደረት ራጅ ይነሳል፣ የሳንባ ነቀርሳ እንዳለበት ለማየት። በእኛ ጊዜ የሚሰጡህ ትልቁን ፊልም ነው፣ 35 በ43 ሳንቲሜትር። የምርመራው ውጤት በታሸገው ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ፖስታውን ደግሞ መክፈት ክልክል ነው። ፊልሙ ለብቻው በእጅህ ይመጣል። ድንበር ላይ ያለው ሰው የሚፈልገው ፖስታውን ነው። ፊልሙ የሚያስፈልገው በኋላ ሐኪም ላየው ካለ ነው። ይህን ግን በዚያን ጊዜ ማን ነገረን? ወርቅ እንደተሰጠን ነበር የምንይዘው።

ስንት ቃል ይገባል?

ስለዚህ ዓይነት ሥራ የሚያወሩ ሰዎች ለአንድ ደቂቃ 150 ቃል ይላሉ። እነሱ የሚያስቡት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አይሞከርም። እኛ አንዱ ቃል ላይ ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን ሁሉ እንጭንበታለን። የራሴን ፍጥነት ለማወቅ 300 ቃል ያህል ጽሑፍ በተለመደው አነጋገሬ አነበብኩና በሰዓት ለካሁ። በደቂቃ 105 አካባቢ ወጣ። ከዚያ ላይ ዝም የምልበትን መቀነስ አለብኝ። መሀል ላይ አንድ ትልቅ ዝምታ፣ መጨረሻ ላይ አንድ፣ በድምሩ አምስት ወይም ስድስት ሴኮንድ። ስለዚህ ጣሪያው 95 ቃል ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነበር። በፍጥነት በማንበብ ላስገባው ሞከርኩ። ሲሰሙት ስፖርት ዘጋቢ ይመስላል። ፍጥነት መቀየር መፍትሄ አይደለም፣ መቁረጥ ነው ያለው።

የተቆረጡት

ረቂቁ የሚጀምረው እንዲህ ነበር፦

«ስሜ እገሌ ይባላል። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። በፈረንጆች 2004 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ወደ አሜሪካ ስመጣ ብዙ ተስፋና ብዙ ፍርሃት ነበረኝ።»

ስሜ ወጣ፤ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። አዲስ አበባ ወጣ፤ «ቦሌ» የሚለው ቃል ሥራውን ይሠራል። ተስፋና ፍርሃት ወጡ። ተስፋ የሌለው፣ ፍርሃት የሌለው ተሳፋሪ ማን ነው? ዓመተ ምሕረቱም ወጣ። አገር ቤት ያለ ሰው 2004 ሲል የራሱን 2004 ነው የሚያስበው። «በፈረንጆች» ብዬ ማስተካከል ደግሞ ቃል ይበላል። የሚያስፈልገው «ከሰባት ዓመት በኋላ» የሚለው ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ለነዳጅ ያረፍንበት ወጣ። በረዶው ወጣ። በረዶ በሁሉም ሰው ታሪክ ውስጥ አለ። የመኪና ማቆሚያው ሥራ ወጣ። ይሄ ትንሽ አከራከረኝ፣ ምክንያቱም ልጆቻችን የሚያውቁን በዚያ ሥራ ነው። ግን ራጁን አይነካውም። ራጁን የማይነካ ነገር በዚህ ቪዲዮ ውስጥ ቦታ የለውም ብዬ ወሰንኩ፣ ከዚያ በኋላ መቁረጡ ቀለለኝ።

ሰባቱን ዓመት ምን ላድርገው?

ከእኔ መምጣት እስከ እናቴ መምጣት ያለው ጊዜ በሕግ የተሞላ ነው። ግሪን ካርድ ይዘህ ወላጅ መጥራት አይቻልም። ዜጋ መሆን አለብህ። ለዜግነት ለማመልከት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ያስፈልጋል። ከዚያ ማመልከቻ፣ ክፍያ፣ እንደገና ምርመራ፣ እንደገና ኤምባሲ። ስለዚህ ሰባት ዓመት ብዙ አይደለም። ይህን ለማስረዳት ስሞክር መታጠፊያው ላይ ልክ ሰሚው ሊደነግጥ በሚገባው ቦታ የሕግ ትምህርት ገባ። አወጣሁት።

በምትኩ ራጁ ራሱ ጊዜውን ይሻገር አልኩ። «ስንት ቤት ቀየርኩ። ራጁን ግን አልጣልኩትም። ቢጠይቁኝስ?» ይሄ እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ አለኝ። ሰሚውም ፈገግ ይላል፣ ዓመቱም አለፈ። መታጠፊያው ከመምጣቱ በፊት ሰው ፈገግ ቢል ጥሩ ነው፣ የሚመጣውን አይጠብቅም።

መታጠፊያው የት ይሁን የሚለው ላይ ሁለት አማራጭ ሞከርኩ። አንደኛው የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ራጁን ሲመልስልኝ ነው። ይሄ ሲሆን ታሪኩ በግማሽ ደቂቃ ያልቅና የቀረው ተጎታች ይሆናል። ሁለተኛው እናቴ በአየር ማረፊያው በር ስትወጣ ነው፣ 40ኛው ሴኮንድ አካባቢ። ያን ጊዜ የቆመው ሰው ያው ነው፣ በሩ ያው ነው፣ ራጁ ግን ሌላ ሰው እጅ ላይ ነው። ይሄኛው ይሻላል። ሰውዬው መመለሱ መሰናክል ብቻ ይሁን።

«ማንም አልጠበቀኝም»

ይህች አረፍተ ነገር ረቂቁ ውስጥ በጣም ታምር ነበር። ችግሯ እውነት አለመሆኗ ነው። የጓደኛዬ ወንድም ሊቀበለኝ መጥቷል፤ ትራፊክ ይዞት አርፍዶ ነው። ያንን ሰው በዝግጅቱ ላይ አዳራሽ ውስጥ አገኘዋለሁ። ሳጥር አንድን ነገር አለመናገር እችላለሁ፣ ያልሆነውን ሆነ ማለት ግን አልችልም። መስመሩ እዚያ ጋ ነው። «ሊቀበለኝ የነበረው ሰው አርፍዷል» ብዬ ቀየርኩት። ሁለት ቃል ጨመረ፣ ግን ከፊተኛው ይሻላል። «ማንም አልጠበቀኝም» ሲባል ሰሚው ሊያዝንልኝ ይዘጋጃል። «አርፍዷል» ሲባል እኔን በር ላይ ቆሜ ያየኛል።

እማዬ አረመችኝ

መቋጫው በእኔ ትዝታ እንዲህ ነበር፦ እናቴ ወጣች፣ ራጁን አሳየችኝና «ይህን ለማን ነው የምሰጠው?» አለች። የቪዲዮው የመጀመሪያ አረፍተ ነገርም ይኸው ጥያቄ ስለሆነ ፊትና ኋላው ገጠመልኝ ብዬ ተደስቼ ነበር። ስክሪፕቱን ሳነብላት ሳቀች።

«እኔ መች ጠየቅኩህ? ለማን እንደምሰጠውማ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን አልሽኝ?»

«እንካ ያዝልኝ፣ እጄ ደነዘዘ ነዋ ያልኩህ። አሥራ ምናምን ሰዓት ታቅፌው! አንተ ደግሞ ሳሚኝ ትላለህ።»

ስክሪፕቱን እዚያው ዘጋሁት። እኔ የሠራሁት መቋጫ ጥያቄውን ይደግመዋል። የእሷ ይመልሰዋል። እኔ ስመጣ የምሰጠው ሰው አልነበረኝም፣ እሷ ግን ገና ከሩቅ እጇን ዘረጋች። ይህን እዚህ ጻፍኩት እንጂ ቪዲዮው ውስጥ አይባልም። በአንዱ ረቂቅ ላይ «ያን ቀን የሚቀበል ሰው ማለት ምን እንደሆነ ገባኝ» የምትል ማብራሪያ ነበረች። ሰሚው ራሱ ሊደርስበት ሲል ቀድሜ መናገር ሆነብኝ። አጠፋኋት።

ስክሪፕቱ

ይህን ለማን ነው የምሰጠው?

ከቦሌ ስነሳ አጥብቀው የነገሩኝ አንድ ነገር ነው። «የደረትህን ራጅ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው። ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ በእጅህ ያዘው።»

ራጁ ትልቅ ነው። እንዳይታጠፍ ጭኔ ላይ አስተኛሁት። የምግቡ ጠረጴዛ አልዘረጋ አለ። ስለዚህ አሜሪካ የደረስኩት ጦሜን ነው።

ደለስ ላይ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ የታሸገውን ፖስታ ተቀበለኝ። ራጁን ሰጠሁት። መለሰልኝ። ጉምሩክም አልፈለገው። ሊቀበለኝ የነበረው ሰው አርፍዷል። ራጄን ታቅፌ በር ላይ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ስንት ቤት ቀየርኩ። ራጁን ግን አልጣልኩትም። ቢጠይቁኝስ?

ከሰባት ዓመት በኋላ እዚያው በር ላይ ቆሜያለሁ። እናቴ ልትመጣ ነው።

በሩ ተከፈተ። ሻንጣዋን ሌላ ሰው ይገፋል። እሷ ራጇን ታቅፋለች። ገና ስታየኝ እጇን ዘረጋች።

«እንካ ያዝልኝ። እጄ ደነዘዘ።»

ድምፅ

ወጥ ቤት ውስጥ ቀዳሁ። ማይኩ የፍሪጁን ድምፅ ሁሉ ለቅሞታል። ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ በተሰቀሉት ልብሶች መሀል ቀዳሁ፣ ጥርት አለ። ልብስ ማስተጋባቱን ይውጠዋል፣ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ማይኩን ከአገጬ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ ነው የሰካሁት፤ ከዚያ ሲጠጋ ፐ ላይ ትንፋሽ ይተፋል።

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር እማዬ ራሷ ትበላት አልኩ። እዚህ ላይ ጊዜ ፈጀ። «በይ እንካ ያዝልኝ በይ» ስላት ዜና እንደሚያነብ ሰው ቀጥ ብላ ተናገረች። ብዙ ደጋገምን፣ እየባሰ መጣ። በመጨረሻ ስክሪፕቱን ተውኩትና ራጁን እጇ ላይ አስይዤ ያን ቀን እንዴት እንደነበር እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ማይኩ ክፍት ነው። እየነገረችኝ እያለ እጇን ዘርግታ «እንካ ያዝልኝ፣ እጄ ደነዘዘ!» አለች፣ ልክ ያኔ እንዳለችው፣ ትንሽ ተቆጥታ። ከኋላው የማንኪያ ድምፅ ገብቶበታል። ተውኩት።

ምስሉ

ራጅ ከኋላው ብርሃን ካልመጣ ጥቁር ላስቲክ ነው። ላፕቶፕ ስክሪን ነጭ አድርጌ ከኋላው አቆምኩ። ሁለት ችግር መጣ፦ ፊልሙ ከስክሪኑ ይበልጣል፣ ደግሞም ስልኩ የስክሪኑን ነጠብጣብ እንደ ሞገድ አድርጎ ይቀርፀዋል። ወደ መስኮት ሄድኩ። ፀሐይ ባለበት ቀን አንዱ ጥግ ይነጣል። ደመና ባለበት ቀን፣ መስታወቱ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሬ ስሞክር ጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ታየ። ስልኩ ብርሃኑን በራሱ እንዳይቀያይር ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተጭኖ መቆለፍ ያስፈልጋል፤ ካልቆለፉት እጄ ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል።

ፊልሙ ጥግ ላይ ስም፣ የልደት ቀንና ቁጥር ታትሟል። ኤዲት ሲደረግ ይደበዝዛል ብዬ ልተወው ነበር፣ ግን አንድ ፍሬም ካመለጠ ዋጋ የለውም። ከመቅረጼ በፊት ጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩበት። ፕላስተሩን በቀጥታ ፊልሙ ላይ አይለጥፉት፣ ይልጠዋል። ፊልሙን በላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ አድርጎ ከላይ ነው።

እማዬ ፊቷ እንዲታይ አልፈለገችም። «ድምፄ ይበቃቸዋል» አለች። ስለዚህ ምስሉ ሙሉ በሙሉ እጅና ራጅ ነው። ለታሪኩም የተሻለ ሆነ፣ ፊት ሲኖር ሰው ፊት ነው የሚያየው።

ጽሑፉ

በአማርኛ የሚወጣው ራስ-ሰር ጽሑፍ ስህተቱ ስለበዛ ሁሉንም በእጄ ጻፍኩ። ቃላችን ረጅም ስለሆነ በአንድ መስመር ሦስት ቃል ነው ልኩ። አራት ሲሆን ወይ ፊደሉ ያንሳል ወይ ከጠርዙ ይወጣል።

ትልቁ ጉዳይ መጨረሻው ላይ ነው። «እንካ ያዝልኝ። እጄ ደነዘዘ።» የሚለው አንድ ላይ ሲወጣ ዓይን ከጆሮ ይቀድማል፣ እናቴ ሳትናገር ታሪኩ ያልቃል። ለሁለት ከፈልኩትና እያንዳንዱን ከድምፁ ጋር እኩል አስወጣሁ። ከድምፁ በፊት ብልጭ ካለ መቋጫው ሞተ ማለት ነው።

ለሰው ማሳየት

ያሳየሁት ለሦስት ዓይነት ሰው ነው። «ወደድከው?» ብዬ አልጠየቅሁም፣ ሰው ይሉኝታ አለው። «የሰማኸውን በአንድ አረፍተ ነገር ንገረኝ» ነው ያልኩት።

እንደኔ በዲቪ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ጮኸ። «ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ሽንት ቤት ይዤው ገብቻለሁ!» ለእሱ ምንም አልጎደለም።

እዚህ የተወለደችው የእህቴ ልጅ ግን ጠፋባት። «አጎቴ፣ ራጁን ለምንድነው የያዝከው? ታመህ ነበር?» አለችኝ። ያን ጊዜ ስክሪፕቱ ውስጥ «ሊጠይቁህ ይችላሉ» የሚለው አልነበረም። ለእኛ ግልጽ ስለሆነ ትቼው ነበር። ሁለት ቃል ገባ፣ በምትኩ ከበረራው ክፍል ሁለት ቃል ወጣ። በድጋሚ ስትሰማ «እሱ የሚሰጠው አጣ፣ እሷ ለእሱ ሰጠችው» አለች። ከዚህ በላይ አልፈልግም።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ደግሞ «ደለስ ምንድነው?» አለ። በድምፅ አላብራራሁትም፣ ስክሪኑ ላይ «ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፍ ሴኮንድ አይበላም።

የመጨረሻው ቅጂ

58 ሴኮንድ ሆኖ ወጣ። ከ«ቢጠይቁኝስ?» በኋላ ያለው ዝምታ ሁለት ሴኮንድ ገደማ ነው፣ ምስሉ ላይ ራጁ ብቻ። ከዚያ በታች ሲሆን ሰባቱ ዓመት አይሰማም። ከእማዬ ድምፅ በኋላ ሙዚቃ ልጨምር አስቤ ክራር ከሥሩ አስገባሁ። ሰዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት «ሙዚቃው ያምራል» ማለት ጀመሩ። አወጣሁት።

የኬንታኪው ደብዳቤ በሌላ ፋይል ተቀምጧል። ለሚቀጥለው ዓመት ልሞክረው እችላለሁ፣ ግን እስካሁን ያለኝ «ከዚያ» ብቻ ነው። ፎቶውን የለጠፈልኝ ሰውዬ በስቴፕለር ሊመታው ሲል እጁን የያዝኩበት ቅጽበት አለ። ምናልባት ከእሱ መጀመር ነው።